ለቁም ነገር ወይስ ለጊዜው? ሐሳብን በጊዜ ስለ መናገር

በቀደመው የአገራችን ሥርዓት ወንድና ሴት ከመገናኘታቸው በፊት የግንኙነቱ ዓይነት ይታወቅ ነበር። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ የሴቷ ወገን ዘር ይቆጥራል፣ የሚፈጸመው የቁርባን፣ የሰማንያ ወይም የደሞዝ ጋብቻ መሆኑም በሰው ፊት ይነገራል። የደሞዝ ጋብቻ ለተወሰነ ጊዜ፣ ስምምነት በተደረገበት ክፍያ የሚፈጸም ስለነበር፣ ዘላቂ ያልሆነው ግንኙነት እንኳ ጊዜና ውል ነበረው። ዛሬ በከተማ ሁለት ሰዎች በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በጓደኛ ቤት ወይም በስልክ ራሳቸው ተዋውቀው ይቀራረባሉ። ሽማግሌው የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ቤተሰብ ይሠራው የነበረውን የመናገር ሥራ ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሳቸው መሥራት ይኖርባቸዋል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ለአካለ መጠን ለደረሱና ላላገቡ፣ በራሳቸው ምርጫ ለሚተዋወቁ ሰዎች ነው።

በመጀመሪያ፣ መልሱን ከራስ ጋር መጨረስ

«ማግባት እፈልጋለሁ» ማለት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ አንድ ቀን ማግባት የማይፈልግ ሰው ጥቂት ነው። ሐሳቡ ሌላው ሰው ሊወስንበት የሚችል የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲታከሉበት ነው፦ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ምን ሊሟላ እንደሚገባና የማን ይሁንታ እንደሚያስፈልግ።

ጊዜው በዓመት ሊነገር ይገባል። «ሲመቸኝ» ወይም «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ቅን ንግግር ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሰው ግን ዕድሜውን የሚያቅድበት ነገር አይሰጠውም። የሚሟላውም ነገር ቢሆን በራስ ጥረት ሊደረስበት የሚችል መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። የማስተርስ ትምህርት መጨረስ የታወቀ ጊዜ አለው። «ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ» የሚለው ግን የለውም፤ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ዕጣውን ለብዙ ዓመታት የጠበቁ ሰዎችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ትዳሩን እንዲህ ካለ ነገር ጋር ያሰረ ሰው፣ አሰበውም አላሰበውም፣ ቀን የሌለው ቀጠሮ ሰጥቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ከሃይማኖቱ ውጭ እንደማያገባ የሚያውቅ ወይም እናቱ ካልተቀበሉ ወደፊት እንደማይሄድ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ከሐሳቡ ለይቶ ለኋላ ሊያቆየው አይገባም። ከሁለት ዓመት ፍቅር በኋላ «ቤተሰቦቼ እሺ አይሉም» የሚል ሰው፣ ይህንን መልስ በመጀመሪያው ወርም ያውቀው ነበር።

ትዳር የማይፈልገውም ወገን የሚፈልገውን ለይቶ ማወቅ አለበት። «ለጊዜው» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሌላ ሰው የሌለበት፣ ታማኝነት ያለው፣ ነገር ግን ወደ ጋብቻ የማያመራ ፍቅር ነው። ሁለተኛው ማንም በማንም ያልታሰረበት፣ ሌላ ሰውም ሊኖር የሚችልበት ግንኙነት ነው። እነዚህን ሁለቱን ማደበላለቅ ልብን ከመስበሩም በላይ ለጤና አደገኛ ነው፤ አንደኛው ወገን ብቸኛ ነኝ ብሎ ስለሚያምን ኮንዶም መጠቀምንም ሆነ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግን ችላ ይላል።

በእርግጥ የማያውቅም አለ። ከረጅም ግንኙነት ወይም ከፍቺ በቅርብ የወጣ ሰው «አላውቅም» ቢል ሐቀኛ መልስ ነው። ይህ መልስ ግን ገደብ ያስፈልገዋል፦ እስከ መቼ ድረስ አስቦ እንደሚናገር አብሮ ሊገለጽ ይገባል።

የሚነገርበት ጊዜ

በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ትዳር ማንሳት ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱ ገና የሚጫወቱት ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም። ለትዳር ታስቦ በዘመድ ወይም በእምነት ወንድሞችና እህቶች በኩል የተገናኙ ሰዎች ግን ከመጀመሪያው ቀን መናገር ይችላሉ፤ የተገናኙበትን ምክንያት ሁለቱም ያውቁታልና። ለሌላው ሰው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀጠሮ ድረስ ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ያኔ ሰውየው እንግዳ አይደለም፤ ለመለያየትም ገና አይከብድም።

ከቀጠሮው ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው መለኪያ ግን ሦስት በሮችን ማወቅ ነው። ንግግሩ ሁለቱ አብረው ከማደራቸው በፊት፣ ገንዘብ ከመቀላቀላቸው በፊትና ቤተሰብ ዘንድ ከመታየታቸው በፊት መደረግ አለበት። የመጀመሪያው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ገንዘብ ሲባል አንዱ ለሌላው የቤት ኪራይ መክፈል፣ አብሮ ዕቁብ መግባት፣ ብድር መስጠት ነው።

ሦስተኛው በር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ብዙ ሰው ሳያውቀው ቃል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለፋሲካ ኬክ ይዞ እናቷን እንኳን አደረስዎ ያለ ወንድ፣ በአፉ ምንም ባይናገርም በዚያ ቤት «የልጃችን እጮኛ» ሆኗል። የአጎቷ ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲተከል ወንበር የተሸከመ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ይታወቃል። በሚዜነት ሰበብም ቢሆን በዘመድ ሰርግ ላይ አብረው ፎቶ የተነሡ ሰዎች፣ ፎቶው አልበም ውስጥ ከገባ በኋላ «ጓደኛሞች ብቻ ነን» ቢሉ የሚያምናቸው የለም። ሴትም እንዲሁ ናት፤ በዓል ሲደርስ እናቱ ቤት ሄዳ ሽንኩርት የከተፈች፣ እህቱ ስትወልድ ገንፎ ያገነፋች ሴት ምራት ተደርጋ ትታያለች። ድርጊቱ በሁለቱ ቤተሰቦች ዘንድ ከቃል ይበልጣል። ስለዚህ ትዳር የማያስብ ሰው እነዚህን ከማድረግ ሊቆጠብ ይገባዋል፤ አድርጎ ሲያበቃ «እኔ ቃል አልገባሁም» ማለቱ እውነት ቢሆንም ፍትሕ አይደለም።

ቦታውም ይታሰብበት። ጸጥ ያለ ካፌ ወይም የእግር መንገድ ይሻላል። በቴሌግራም የሚጻፍ መልእክት ድምፅና ፊት ስለሌለው በቀላሉ በተሳሳተ መንገድ ይወሰዳል፤ ደግሞም ለጓደኛ ተልኮ ለምክር ይቀርባል። መጠጥ ከተጠጣ በኋላ፣ በጠብ መሐል ወይም ጓደኞች በተሰበሰቡበት የተነገረ ነገር በማግስቱ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። የሌላው ሰው ቁጣ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ንግግሩ ሰው ባለበት ቦታ፣ በቀን፣ አንድ የሚታመን ሰው ቦታውን እያወቀ ሊደረግ ይገባል።

የሚነገረው ቃል

ጥያቄ ከመጠየቅ በፊት የራስን ሐሳብ ማስቀደም ይሻላል። «አንተ ስለ ትዳር ምን ታስባለህ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሲመጣ ፈተና ይመስላል፤ ተጠያቂውም የሚያምነውን ትቶ ጠያቂዋን የሚያስደስተውን መልስ ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ በባህላችን ሴት ልጅ ትዳር ካነሣች «ባል ፈላጊ» ትባላለች የሚል ፍርሃት አለ፤ ይህ ፍርሃት ብዙ ሴቶችን ለዓመታት ዝም አሰኝቷል። የራስን ዕቅድ መናገር ግን ልመና አይደለም። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እስካሁን ደስ እያለኝ ነው የማገኝህ። ስለራሴ አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እኔ ለቁም ነገር ነው ሰው የምተዋወቀው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ማግባት እፈልጋለሁ። አሁን ስላንተ ወስኛለሁ ማለቴ አይደለም። አንተስ እንዴት ነህ?» በዚህ ንግግር ውስጥ ጊዜው አለ፣ ሐሳቡ አለ፣ ሌላውን ዛሬውኑ እንዲወስን የሚያስጨንቅ ነገር ደግሞ የለም።

ትዳር የማይፈልግ ሰው የሚናገረው ቃል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች ሌላውን ላለማስከፋት ሲሉ «ገና ዝግጁ አይደለሁም» ይላሉ። ይህ በተናጋሪው አፍ እምቢታ ነው፤ በሰሚው ጆሮ ግን «ጠብቂኝ» ማለት ነው። «ሥራዬን ላስተካክል» የሚለውም ሥራው ሲስተካከል ትዳሩ ይመጣል የሚል ቃል ኪዳን ሆኖ ይሰማል። ትክክለኛው አነጋገር እንደዚህ ያለ ነው፦ «አሁን የማግባት ሐሳብ የለኝም፤ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታትም አላስብም። ካንቺ ጋር መሆን ያስደስተኛል፤ ሌላ ሰውም የለኝም። ግን ይህ ወደ ትዳር ያመራል ብለሽ እንድትጠብቂ አልፈልግም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር መቅረት የለበትም። ሰሚው ተስፋውን የሚሰቅልበትን ቦታ የሚያሳጣው እሱ ነው።

መልሱን ማዳመጥ

ግልጽ መልስ ከመጣ፣ ቢያስደስትም ባያስደስትም፣ እንደተነገረ መውሰድ ይገባል። «አላገባም» ያለን ሰው በፍቅር እለውጠዋለሁ ብሎ መቀጠል፣ የተነገረን እውነት አለመቀበል ነው፤ በኋላ «አታለለኝ» ለማለትም አያስችልም።

አስቸጋሪው ግን «እናየዋለን»፣ «ምን አስቸኮለን?»፣ «በጊዜው ይደርሳል»፣ «እኛ እኮ እንዋደዳለን» የሚለው ነው። እነዚህ መልሶች የግድ ሽንገላ አይደሉም። አንዳንዱ ሰው በእውነት አላሰበበትም፤ ሌላው ስለ ራሱ ስሜት መናገር ያልለመደ ነው። ለመለየት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ በእርጋታ ማቅረብ ይበቃል፦ «አሁን እንድትመልስልኝ አይደለም፤ አስበህበት በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ብንነጋገርስ?» ያላሰበበት ሰው ጊዜውን ተቀብሎ ይመለሳል። ማምለጥ የፈለገ ሰው ግን ይቆጣል፣ ይቀልዳል፣ ወይም ቀኑ ሲደርስ ነገሩን ሌላው ወገን እንዲያነሣ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለት ጊዜ ያልተመለሰ ጥያቄ «አይደለም» ተብሎ ሊወሰድ ይገባል።

ከዚህ የሚከፋው አብሮ ለማደር ሲል «ለትዳር ነው የምፈልግሽ» የሚል ሰው ነው። ይህን በንግግሩ ማወቅ አይቻልም፤ ቃሉ ከሐቀኛው ቃል ጋር አንድ ነው። የሚለየው በተከታዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ሐቀኛው ሰው ቢያንስ አንድ የቅርብ ጓደኛውን ወይም ወንድሙን ያስተዋውቃል፣ የሚኖርበት ቤትና የሚሠራበት ቦታ ይታወቃል፣ በእሑድና በበዓል ቀንም ስልኩ ይነሣል። ማታ ብቻ የሚገኝ፣ በመንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ሲያጋጥም «የሥራ ባልደረባዬ ናት» የሚል፣ ቅዳሜና እሑድ ድምፁ የሚጠፋ ሰው፣ ትዳር ቀርቶ ሌላ ቤት ሊኖረው ይችላል። ነገሩ ወደ ጋብቻ ሲቃረብ ከወረዳ የሚሰጠውን ያላገባ ማስረጃ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ምሳሌ

የ29 ዓመት የባንክ ሠራተኛና የ33 ዓመት መሐንዲስ በጓደኛ ልደት ላይ ተዋውቀው አራት ጊዜ ተገናኙ እንበል። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማኪያቶ እየጠጡ፣ እሷ ከላይ በተጠቀሰው መንገድ ዕቅዷን ነገረችው። እሱ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እኔም ማግባት እፈልጋለሁ፤ ግን አባቴ ከሞቱ በኋላ ሁለት ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ። እነሱ ሳይመረቁ አላገባም» አላት። መልሱ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ጊዜ የለውም። እሷም ታናናሾቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ጠየቀች። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት፣ ሌላይቱ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትንሿ እስክትመረቅ ቢያንስ ሰባትና ስምንት ዓመት ይቀራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል፤ ምክንያቱ የሚከበር ነውና። እሷ ግን ስሌቱን አብራው ሠራች፦ «ሁለቱም እስኪመረቁ ከሆነ እኔ 37 ዓመቴ ይሆናል፤ ያን ያህል አልጠብቅም። አግብተህ ልታስተምራቸው ግን ትችላለህ ወይስ የግድ ቅድሚያ ነው?» ይህ ጥያቄ እውነተኛውን መልስ ያመጣል። እሱ «እንደዚያ አስቤው አላውቅም» ብሎ ሁለት ሳምንት ወሰደ፤ ከእናቱ ጋርም ተነጋገረ። ተመልሶ ሲመጣ ትልቁ ሲመረቅ፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በኋላ ማግባት እንደሚችል፣ የትንሿ ወጪ ግን ከጋብቻ በኋላም እንደሚቀጥልና ይህን የማትቀበል ሚስት ማግባት እንደማይችል ነገራት። አሁን በእጇ ያለው ሊወሰንበት የሚችል መልስ ነው፤ የወር ገቢው ከፊሉ ለእህቱ የሚሄድበትን ትዳር ትቀበላለች ወይም አትቀበልም። እሱ «የግድ ቅድሚያ ነው» የሚለውን መርጦ ቢሆን ኖሮም ሁለቱም ያጡት አንድ ወር ብቻ ይሆን ነበር።

ሐሳብ ሲለያይ

አንዱ ትዳር፣ ሌላው ለጊዜው ከፈለገ መካከለኛ ቦታ የለም። ብዙዎች «እስኪ ትንሽ እንቆይ» ብለው ይቀጥላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የሚለወጠው የመለያየቱ ክብደት ብቻ ነው። መለያየቱ በአንድ ንግግር ይለቅ። «ጓደኛ ሆነን እንቀጥል» ማለት ቢያንስ ለጥቂት ወራት ቢቆይ ይመረጣል፤ ማታ ማታ መደዋወሉ ከቀጠለ የቀድሞው ግንኙነት በሌላ ስም ቀጥሏል ማለት ነው።

ሐሳብ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። ለጊዜው ብሎ የጀመረ ሰው ሊወድ ይችላል፤ ለትዳር ብሎ የጀመረም ሌላውን ሲያውቀው ልቡ ሊመለስ ይችላል። በመለወጡ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ለውጡን ይዞ ዝም በማለቱ ነው። ሽማግሌ ከተላከ፣ ቀለበት ከታሰረ ወይም አዳራሽ ከተያዘ በኋላ የሚነገር ለውጥ ሁለት ቤተሰብ ያጣላል። በብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የሚሰጠው የቅድመ ጋብቻ ትምህርት አንዱ ጥቅም፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ ከሰርጉ በፊት ለመናገር ቦታ መስጠቱ ነው።

ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ሰው ሲሆን

ለጥር ሰርግ ወይም ለፋሲካ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ወደ አገር ከመጣ ሰው ጋር የሚጀመር ግንኙነት ጊዜው ስለሚጣደፍ፣ ንግግሩም ይፈጥናል። እዚህ ያለው ወገን በፍቅሩ ውስጥ የጉዞ ተስፋም ስለሚኖረው፣ ከውጭ የመጣው «እወስድሻለሁ» የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ ሊናገረው አይገባም። ነገሩ በወረቀትም ይፈተናል። ለምሳሌ የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ ሁለቱ ሰዎች ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ይጠይቃል፤ ተጓዡ አሜሪካ በገባ በ90 ቀናት ውስጥም መጋባት አለባቸው። ማመልከት የሚችለውም አሜሪካዊ ዜግነት ያለው ሰው እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው አይደለም። ስለዚህ «እወስድሃለሁ» ወይም «እወስድሻለሁ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ማመልከቻው በየትኛው ወር እንደሚገባ ነው። በቁም ነገር የሚያስብ ሰው ሁለቱንም ያውቃል።

ሳይነጋገሩ አብረው ለሚኖሩ

የቤት ኪራይ በመወደዱ ብቻ ዕቃ ጠቅልለው አንድ ቤት የሚገቡ ጥንዶች አሉ። አንደኛው ይህን ወጪ መቆጠቢያ፣ ሌላው የትዳር መጀመሪያ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎችን ያውቃል። እንዲህ ያለው ኑሮ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱ በግል ጥረታቸው ያፈሩት ገቢና በገቢው የተገዛው ንብረት የጋራ ይሆናል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በዚያ ያሉ ሰዎች የክልላቸውን ማየት አለባቸው። «እኛ እኮ አልተጋባንም» የሚለው ክርክር በሕጉ ፊት ብዙ አያስኬድም፤ ፍርድ ቤት የሚያየው እንዴት እንደኖሩ ነው። በመሆኑም ሐሳቡን ያልተናገረ ሰው ቢያንስ ቁልፍ ከመቀባበሉ በፊት፣ ያ ካለፈውም ሦስተኛው ዓመት ከመሙላቱ በፊት ቁጭ ብሎ ይናገር።